ውሃ የሚያስጠጣ ጥያቄ

ስብሰባ ላይ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል እጁን የሚያወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄ የለውም። ማይኩ እስኪደርሰው ይቁነጠነጣል፤ ከደረሰው በኋላ ጉሮሮውን ይጠራርግና «በመጀመሪያ ለአዘጋጆቹ ያለኝን ምስጋና...» ይላል። ከዚያ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ይላል። ከዚያ «በአጭሩ» ይላል። «በአጭሩ» ካለ ወንበራችሁን አመቻቹ፤ ገና መነሳቱ ነው። ደግሞ ሰው ላይ ብቻ አላወራም፤ እድራችን ሲሰበሰብ እኔም «ብዙ አልናገርም» ብዬ ጀምሬ ወጣቸው ያረረባቸው ጎረቤቶች አሉኝ፤ እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ድስት ያስታውሳቸዋል።

ጂንካ ውስጥ የተማሪዎች ጉባኤ ሲኖር ሻይ ቡናውን ከሚያቀርቡት አንዷ እኔ ነኝ። ቴርሞሱንና ሳምቡሳውን ከኋላ ደርድሬ እቆማለሁ፣ መድረክ ላይ ያለውን የታሸገ ውሃም እቀያይራለሁ። ይቺ የውሃ ሥራ ቀላል አትምሰላችሁ። ከኋላ የቆመ ሰው ንግግሩ ባይገባው እንኳን ጠርሙሱ ይገባዋል። አቅራቢው ጽሑፉን ሲያነብ ውሃ አይነካም። ረጅም አስተያየት ሲሰጠው አይነካም፤ እንዲያውም ያርፋል፣ ስልኩንም አየት ያደርጋል። ግን አንዳንዴ አንድ ልጅ ይነሳና አምስት ቃል ይናገራል፤ ያኔ አቅራቢው ክዳኑን ይፈትላል፣ ይጎነጫል፣ ክዳኑን ይመልሳል፣ እንደገና ይከፍታል። እኔ ለዚህ ጥያቄ ሁለተኛ ጠርሙስ ይዤ እነሳለሁ።

ታዲያ ባለፈው ጉባኤ ማጠቃለያውን የሰጠው መምህር ይቺን የእኔን ዘዴ የሚያውቅ መሰለኝ።

የማጠቃለያ ንግግር እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የሁሉም ዓይን ሰርተፊኬት የተከመረበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ተናጋሪው «ፍሬያማ ውይይት አድርገናል» ይላል፣ ይጨበጨባል፤ «ግንዛቤ ጨብጠናል» ይላል፣ ይጨበጨባል፤ ጭብጨባውም ለንግግሩ ሳይሆን ለማለቁ ነው። ይሄኛው ግን ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ይዞ ወጣ፤ ሒሳብ የምንሠራበት ዓይነት። ገጹን ለሁለት ከፍሎታል። በአንድ በኩል ጥያቄው፣ በሌላው በኩል ጥያቄው ሲቀርብ መልስ ሰጪው የሆነው ነገር። «ልጆች፣ ጽሑፎቹን ሰምታችኋቸዋል፣ አልደግማቸውም» አለ። «ጥያቄዎቹን ግን ማንም አልሰማቸውም። ጠያቂዎቹም ጭምር።»

አዳራሹ ሳቀ። ከሁሉ ይበልጥ የሳቁት ቀኑን ሙሉ ማይክ ያልለቀቁት ነበሩ።

መጀመሪያ ያነሳው «የመፍትሔ ሐሳባችሁ ምንድነው?» የሚለውን ነው። ይህን ጥያቄ ጠዋት ስለ ወባ የቀረበው ላይም፣ ከሻይ በኋላ ስለ ሰሊጥ የቀረበው ላይም፣ ከምሳ በኋላ ስለ ሴት ልጆች ትምህርት የቀረበው ላይም ያው አንድ ሰው አንስቶታል። መምህሩ ስሙን አልጠራም፤ «ጥያቄያችሁን ያወጣችሁት ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ መሆኑን ማወቅ ስትፈልጉ፣ ሌላ ጽሑፍ ላይ አንሱትና እዩ። እዚያም ልክ ከሆነ እዚህ አልተወለደም» አለ። ከዚያ «ናሙናችሁ ስንት ነው?» የሚለው ተራው ደረሰ። ይህ የክብር ጥያቄ ነው። ጠያቂው ቁጥሩ ሲነገረው ራሱን ከፍ ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል። ቁጥሩ ሃያ ቢሆንም ያው ነው፣ ሁለት ሺህ ቢሆንም ያው ነው፤ አንገቱ በእኩል ይወዛወዛል።

መልስ ሰጪዎቹም አልቀረላቸውም። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አመሰግናለሁ» ሲባል መልስ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። «ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው» ሲባልም እናውቃለን። የመጨረሻው መሸሸጊያ ግን «ለወደፊት አጥኚዎች ትተነዋል» የሚለው ነው። «ይህ የወደፊት አጥኚ የምትሉት ሰው» አለ መምህሩ ደብተሩን እያገላበጠ፣ «ዛሬ ብቻ የዝናቡን፣ የገበያውን፣ የከብት በሽታውንና የቋንቋውን ጥያቄ ተሸክሟል። ማነው እሱ? አበል ይከፈለዋል?»

ከዚህ በኋላ ግን ቀልዱን ቀነስ አድርጎ አንድ ጽሑፍ ላይ ተቀመጠ። እኔም ሳምቡሳውን ሸፍኜ ጆሮዬን ሰጠሁ።

ጽሑፉ ስለ ዱስ ነው። ዱስን የማያውቅ ካለ፦ በኦሞ ወንዝ ዳር ከሚገኙት የካራ ሕዝብ ሦስት መንደሮች አንዷ ናት፤ ሌሎቹ ላቡክና ኮርቾ ናቸው። ካራዎች ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ቱሪስቱ የሚያውቃቸው በነጭ ኖራና በቀይ አፈር በሚያስጌጡት ገላቸው ነው። ተማሪዎቹ ግን ሊያጠኑ የሄዱት እርሻቸውን ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ ዳርቻው ላይ የሚዘራውን ማሽላ። ጎበዞች ናቸው፤ ያንን መንገድ በጭነት መኪና ጀርባ አቧራ ለብሰው ሄደዋል። ስላይዳቸው ሲከፈት ግን የመጀመሪያው ፎቶ ማሽላ አልነበረም፤ ፊቱን በነጠብጣብ ያስጌጠ ጎልማሳ ነው። አንዱ ተነስቶ «ገበሬው የታለ?» ቢል አቅራቢዋ «እሱ ራሱ ነው» አለች። «ወደ እርሻ ሲሄድ እንደዚህ ይቀባል?» «አይ፣ ፎቶ ልናነሳው ስንል ነው የተቀባው።» «ተከፈለው?» እዚህ ላይ ጠርሙሱ ተከፈተ። መምህሩም በደብተሩ አስፍሮታል፦ «የመጀመሪያው ጉንጭ።»

እንግዲህ ሁላችንም ያው ነን። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ሲኖረኝ እኔም ኮርቾ ገደል ላይ አቁሜ ኦሞን ከኋላው አድርጌ ነው ፎቶ የማነሳው። ማሽላ ከኋላው አድርጌ ያነሳሁት ዘመድ የለኝም።

ሁለተኛው ጉንጭ ከኋላ ወንበር የመጣ ነው። ልጁ እጁን ካወጣ ቆይቷል፤ አወያዩ ክራባት ላሰሩት ቅድሚያ ሲሰጥ ነበር። ተራው ሲደርሰው «በየትኛው ወር ነው የሄዳችሁት?» አለና ተቀመጠ። ምስጋና የለ፣ «በአጭሩ» የለ። አቅራቢዋ «ጥር መጨረሻ፣ በሴሚስተር እረፍት» አለች። አወያዩም «እሺ፣ ግልጽ ነው፣ ቀጣይ» አለ። ጥያቄው ትንሽ ስለሆነች ማንም ልብ አላላትም። መምህሩ ግን ከቀኑ ምርጥ ሦስት ጥያቄዎች ውስጥ አስገባት፤ ምክንያቱንም እንዲህ ብሎ አስረዳ።

ዱስ ላይ ሁለት ሰማይ አለ። አንዱ ራሱ ዱስ ላይ ያለው ነው፤ በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ቀጥሎም በጥቅምትና በኅዳር ጥቂት ይጥላል። ሌላው ሰማይ ሩቅ ነው፤ ሸዋ፣ ጅማና ከፋ ላይ። ኦሞ የሚታዘዘው ለሁለተኛው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደገኛው ጃንጥላ ሲዘረጋ ዱስ ላይ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ደመና የለም፣ ወንዙ ግን ዝም ብሎ ይሞላል። መስከረም ላይ መመለስ ይጀምራል። የተወው ጭቃ ላይ ሰው በእንጨት እየወጋ ማሽላውን ይዘራል፤ በሬ የለ፣ ሞፈር የለ፣ ማዳበሪያም የለ። ከዚያ በኋላ ማሽላው ሦስት ወር ያህል የሚቆየው መሬቱ በጠጣው ውሃ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ምርቃት ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ይሰበሰባል።

«እናንተ የደረሳችሁት ጥር መጨረሻ ነው» አለ መምህሩ። «እህል ገብቷል። መጠይቃችሁ ላይ 'ባለፈው ሳምንት ምግብ ያጣችሁበት ቀን አለ?' ይላል። የለም አሉ። እናንተም የምግብ ዋስትናው አስተማማኝ ነው ብላችሁ ጻፋችሁ። ሠርግ ቤት ገብቶ 'በዚህ ቤት በየቀኑ ሥጋ ይበላል' ብሎ መጻፍ ማለት ነው። ያ እህል ይኑር አይኑር የተወሰነው ነሐሴ ላይ ነው፤ ያኔ እናንተ ቤተሰብ ጋ ነበራችሁ።» ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞረ። «ነሐሴ ላይ ዱስን ያየ እጁን ያውጣ።»

መምህራኑ አላወጡም። የዞኑ እንግዶች ወደ ጣሪያ አዩ። ያወጣችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፣ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠች አንደኛ ዓመት፤ እሷ ደግሞ እዚያው ዱስ ነው ያደገችው። «እንግዲህ» አለ መምህሩ፣ «እኛ ስለ ዱስ የምናውቀው ነገር ሁሉ ስለ ዱስ ጥር ነው። ከኛ በፊት የሄዱትም በጥር ነው የሄዱት። አንዳችን የሌላውን እየጠቀስን ጥርን ዓመት አድርገነዋል።» ይህን ሲል አንዱ የዞኑ እንግዳ ውሃ ጠጡ። እንግዳ ሲጠጣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

መጠይቁንም በዚያው አልማረውም። አንድ ልጅ ጽሑፉ ሲቀርብ «ሽማግሌው ረጅም ያወራው ምን ነበር?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ በቪዲዮው ላይ ሽማግሌው እጁን ወደ ወንዙ እያወናጨፈ ብዙ ይናገራል፣ አስተርጓሚው ያዳምጣል፣ ይስማማል፣ ከዚያ «አዎ ነው የሚለው» ይላል። አቅራቢዋ «በጠቅላላው ተስማምተዋል» ብላ መለሰች። ወረቀቱ ላይ ያለው ሳጥን «አዎ» እና «አይደለም» ነው፤ ሽማግሌው ያወራውን የሚያክል ሳጥን የለውም። መጠይቁ ራሱ ከየት እንደመጣ ደግሞ መምህሩ አንድ ገጽ አንስቶ አሳየን። «ስንት ጥማድ በሬ አለዎት?» ይላል። «ስንት ኩንታል ዳፕ ተጠቀሙ?» ይላል። ደጋ አካባቢ ለሚያርስ ገበሬ የተዘጋጀ ነው፤ የአንድ ቀደም ያለ ተማሪ ወረቀት ላይ የአካባቢው ስም ብቻ ተቀይሮ ዱስ ወርዷል። በእንጨት ወግቶ የሚዘራ ሰው «በሬ?» «የለኝም።» «ዳፕ?» «የለኝም።» እያለ መለሰ፤ ልጆቹም «ዘመናዊ ግብዓት የማይጠቀም» ብለው ደመደሙ። ሰውየው ደለሉን ወንዙ በነፃ ያመጣለታል። ግን ለወንዝ የሚሆን ሳጥን የለም።

አሁን ወደ ዋናው። አወያያችን «ጊዜ ለመቆጠብ ሦስት ሦስት ጥያቄ እንቀበል» የሚል ደንብ አለው። ይህ ደንብ በመላ አገሪቱ ይሠራል፤ እድራችንም ውስጥ አለ። ጊዜ እንደሚቆጥብ እንጃ፤ የሚቆጥበው መልስ ነው። ሦስት ጥያቄ በአንዴ የተሰጠው ሰው የመጀመሪያውን ይመልሳል፣ ምክንያቱም ቅድም የሰማው እሱን ነው። የመጨረሻውን ይመልሳል፣ ምክንያቱም አሁን የሰማው እሱን ነው። የመሃሉን ዋጥ ያደርጋል። ደግሞ ሲጨርስ «ሁሉንም የመለስኩ ይመስለኛል» ይላል።

ያን ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ የተጠየቀው ስለ ናሙና ነው። ሦስተኛው ስለ ስላይዱ ቀለም ነው፤ አረንጓዴው ለዓይን ይከብዳል የሚል ነበር። መሃል ላይ ከመስኮቱ ሥር ያለችው ልጅ ተነስታ «'መሬታቸው ይህን ያህል ሄክታር ነው' ስትሉ ውሃው የት ደርሶ ነው?» አለች። ናሙናው ተመለሰ። ስለ አረንጓዴው ሰፊ ማብራሪያ ተሰጠ። የውሃው ነገር የለም። ጠርሙሱም አልተከፈተም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ያኔ ስኒ እየሰበሰብኩ ስለነበር ያለፈኝ መሰለኝ እንጂ ጉዳዩ አልገባኝም።

መምህሩ ደብተሩ ላይ ከጎኑ «አልተመለሰም» ብሎ በቀይ ጽፎታል። «ማጠቃለያ የሚባለው ነገር ለአንድ ሥራ ነው የሚጠቅመው» አለ፣ «የተዋጠ ጥያቄ ለመመለስ።» ቾክ ጠየቀ። ቾክ አልነበረም፣ ማርከር ተገኘ፣ ማርከሩ ደርቋል፣ ሌላ ተገኘ። በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ አንድ ዛፍ ሣለ፤ ከበታቹ ተዳፋት፣ ከተዳፋቱ ሥር ወንዝ።

«ዱስ ላይ ያለው ሰውዬ 'መሬትህ ከየት እስከ የት ነው?' ብትሉት ከዛፉ እስከ ውሃው ነው ይላችኋል። ዛፉ አይንቀሳቀስም፤ ውሃው ግን ይንቀሳቀሳል። የሚዘራው መሬት ስፋቱን የሚወስነው ሁለት ነገር ነው፤ ነሐሴና መስከረም ላይ ውሃው የት ድረስ ወጣ፣ ከዚያስ ወዴት ድረስ ወረደ። በሁለቱ መሃል ያለው እርጥብ ነው፣ እሱ ነው እርሻው። እናንተ ጥር ላይ ሄዳችሁ ከዛፉ እስከ ውሃው በእርምጃ ለካችሁ። ለምሳሌ እንበል፣ ቁልቁል 60 እርምጃ፣ ወደ ጎን 40። ሁለት ሺህ አራት መቶ ካሬ እርምጃ ብላችሁ ጻፋችሁ። ጎርፉ ግን የዚያን ዓመት የወጣው ከታች 15 እርምጃ ብቻ ከሆነስ? ስድስት መቶ ነው። ሩብ። ቀሪው ዛፉ ሥር ያለው ደረቅ አፈር ነው፤ በአባቱ ጊዜ እርሻ ነበር፣ ዛሬ ፍየል ይተኛበታል።»

ከዚያ ማርከሩን ይዞ ትንሽ ዝም አለ፤ ለማን እንደሚናገር የሚያስብ መሰለ። ግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ መያዝ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው፣ የተመረቀው ታኅሣሥ 2009። ግድቡ 243 ሜትር ይቆማል፣ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል ተብሎ የተሠራ ነው፤ ይህን አዳራሹ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፣ ሜጋ ዋቱን በቃሉ የማይል ልጅ የለም። ያላሰብነውን ነው የነገረን። ተርባይን የሚወደው ዓመቱን ሙሉ እኩል የሚወርድ ውሃ ነው። ስለዚህ ግድቡ የክረምቱን ውሃ ይይዛል፣ በበጋ ደግሞ ድሮ ይወርድ ከነበረው በላይ ይለቃል። «እንግዲህ የልጅቷን ጥያቄ አሁን ስሙት። ውሃው የት ደርሶ ነው? ነሐሴ ላይ እንደ ድሮው አይወጣም። ጥር ላይ ደግሞ እንደ ድሮው አይወርድም። እርጥቡ መሬት ከላይም ይጠባል፣ ከታችም ይጠባል። የእናንተ ወረቀት ላይ ግን አንድ ስንዝር አልጠበበም፤ ዛፉ ቆሟላ!»

ተቀምጣ የነበረችው አቅራቢ ብድግ አለች። ጠርሙሷን ጨረሰች። እኔም ሌላ ይዤ እየሄድኩ ሳለ ነው ነገሩ የበራልኝ፤ በወረቀቱ ላይ ያ ሰው ሰፊ መሬት ያለው ባለጸጋ ነው፣ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ተብሎ ተባዝቶለታል፣ በርካታ ማሽላም ሰብስቧል። ጎተራው ብቻ ነው ይህን ያልሰማው።

እዚህ ላይ አንድ ልጅ ሞቅ አለውና «እና ጎርፉ ይለቀቅ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። ጭብጨባ። መምህሩ አላጨበጨበም። «ጎርፍ ስትወዱ ደግሞ ቀስ በሉ» አለ። ነሐሴ 1998 ላይ ይኸው ኦሞ ዳሰነች ላይ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ገድሏል፤ ከብቱን ማን ቆጠረው። የግድቡ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ላይም በዓመት ለ10 ቀን ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል የሚል ነበረበት። «ስለዚህ ይለቀቅ አይለቀቅ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው፤ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ታርፋላችሁ። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። 10 ቀን የቆመ ውሃ ምን ያህል ጠልቆ ይገባል? ያለ ዝናብ ሦስት ወር የሚቆይ ማሽላ ሥሩ የት ድረስ ይፈልጋል? ደለሉስ ከግድቡ ኋላ ከቀረ፣ የሚለቀቀው ውሃ ባዶ እጁን አይመጣም ወይ? ይህን የምታውቁት አዳራሽ ውስጥ አይደለም። አካፋ ይዛችሁ ትቆፍራላችሁ፤ አፈሩን በእጃችሁ ጨብጣችሁ ስትለቁት እንደተጠቀለለ ይቀራል ወይስ ይበተናል ብላችሁ ታያላችሁ።»

የጮኸው ልጅ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አካፋ የሚለው ቃል በማጠቃለያ ንግግር ውስጥ ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉ ነጫጭ ጫማዎች ሁሉ ወንበር ሥር ገቡ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶታል። ጽሑፉ ሲቀርብ አንዲት ዝምተኛ ልጅ፣ ማይኩን እንኳን አልተቀበለችም፣ በቁሟ «እነሱስ ምን ጠየቋችሁ?» ብላ ነበር። አቅራቢዋ መጀመሪያ አልገባትም። «ማን?» «የዱስ ሰዎች።» አቅራቢዋ ሳቅ አለች፤ ከዚያ ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች፤ ስላይዱን አይደለም፣ በእጅ የተጻፈውን። አንዱ «ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ?» ብሏቸዋል። አንዲት እናት «ይህን ወረቀት የምትሰጡት ለማን ነው?» ብላለች። ያ ረጅም ያወራው ሽማግሌ ደግሞ በመጨረሻ «ውሃውን የሚለቀውን ሰው ታውቁታላችሁ?» ብሏል። «ምን አላችሁት?» ብትባል «ስንገባ ሰላምታ፣ ስንወጣ ምስጋና ስለሆነ...» አለችና ውሃ ፈለገች። አልነበረም። ሌላ ጠርሙስ እኔ አቀበልኳት።

«ይህ» አለ መምህሩ፣ «ከቀኑ ጥያቄዎች አንደኛው ነው። የመጣው ከዚህ አዳራሽ አይደለም። በናንተ ጽሑፍም ውስጥ የለም፤ ምክንያቱም መጠይቁ እነሱ ሲጠይቁ የሚሞላ ቦታ የለውም።» ከዚያ ደብተሩን አጠፈ። ፍሬያማ ውይይት አላለም። ግንዛቤም አላስጨበጠም። ወርዶ ተቀመጠ፤ ማጨብጨብ ያለብን መሆኑን ሳናውቅ ቀረን፣ እጃችን እንደያዝነው ቀረ።

አወያዩ ግን ልምድ ያለው ሰው ነው፤ ባዶ ቦታ አይወድም። የክብር እንግዳውን ለመዝጊያ ጋበዘ። እንግዳው ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው አነበቡ። ጉባኤው ዓላማውን ሙሉ በሙሉ ማሳካቱን፣ የተነሱት ጥያቄዎች ሁሉ አጥጋቢ ምላሽ ማግኘታቸውን ገለጹ። ወረቀቱ ጠዋት በተሰጣቸው የፕሮግራም አቃፊ ውስጥ ሲቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያኔ ገና የመጀመሪያውን ሻይ አልቀዳሁም ነበር።

ከእንግዳው በኋላ የአዘጋጅ ኮሚቴው ተወካይ ተነሳ፤ ደስ ብሎታል፣ ፊቱ ያበራል። የመምህሩ ንግግር ልባቸውን እንደነካው፣ ስለዚህም ኮሚቴው እዚያው በምልክት ተነጋግሮ አንድ ውሳኔ ላይ መድረሱን አበሰረ። ለዱስ ጥናት ተጨማሪ የመስክ ጉዞ ይኖራል። አካፋ ይገዛል። ከዱስ የመጣችው ተማሪም ትካተታለች። ሞቅ ያለ ጭብጨባ።

«ጉዞውም» አለ ወረቀቱን እያየ፣ «መንገዱ በሚደርቅበት፣ ተማሪውም በሚያርፍበት፣ በጥር መጨረሻ ይሆናል።»

መምህሩን አየሁት፤ ጫማውን ያይ ነበር። የዱሷ ልጅ እጇን አወጣች፤ አወያዩ «የጥያቄ ሰዓት አብቅቷል፣ ወደ ሰርተፊኬት እንለፍ» አላት። እኔ ነሐሴ ይሻላል ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ነሐሴ ማለት ፍልሰታ ነው፤ ሳምቡሳው ምስር ብቻ ሊሆን ነው፣ በዚያ ፀሐይ ቴርሞስ ተሸክሞ ወንዝ ዳር መውረድ አለ። ወደ ኮሚቴው ጠጋ ብዬ ለስንቅ ዝግጅቱ ስሜን አስመዘገብኩ። ጥር መቼም ጥሩ ወር ነው።